በእኩል ነጥብ የሚያልፉ ሁለት ፎቶዎች

ፎቶ ሲታመቅ ወይም ሲላክ ከዋናው ምን ያህል እንደራቀ በቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ የተለመደው ስሌት ቀላል ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ እያንዳንዱ ፒክሰል ከ0 (ድፍን ጥቁር) እስከ 255 (ንጹሕ ነጭ) የሚደርስ ቁጥር አለው። የተበላሸውን ፎቶ ከዋናው ፒክሰል በፒክሰል ቀንሰን፣ ልዩነቱን ሁሉ በራሱ አባዝተን አማካዩን ስንወስድ ኤምኤስኢ የሚባለውን እናገኛለን። ፒኤስኤንአር ደግሞ ይኸው ቁጥር ወደ ዴሲቤል ሲለወጥ ነው፦

PSNR = 10 · log10(255² / MSE)

ስሕተቱ ባነሰ ቁጥር ዴሲቤሉ ከፍ ይላል።

አሁን ጎኑ 500 በ500 ፒክሰል የሆነ የሠርግ ፎቶ እንውሰድ፤ በጠቅላላው 250,000 ፒክሰል ነው። በመጀመሪያው ቅጂ እያንዳንዱ ፒክሰል በ12 ደመቀ እንበል። 12 በ12 ሲባዛ 144፣ አማካዩም 144 ነው። አብዛኛው ሰው ዋናውን አጠገቡ ካላየ ለውጡን ልብ አይለውም። በሁለተኛው ቅጂ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የሙሽራዋ ፊት ያረፈባት 50 በ50 ፒክሰል ብቻ በ120 ጠቆረች። 120 በራሱ ሲባዛ 14,400 ነው፤ የተነካው ግን ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ስለሆነ አማካዩ ተመልሶ 144 ይሆናል። ሁለቱም 26.5 ዴሲቤል ገደማ ያገኛሉ። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ስሕተቱ የት እንደወደቀ አልተጠየቀም። ሁለተኛውን ቅጂ ግን የትኛውም ቤተሰብ አይቀበለውም።

ዡ ዋንግ፣ አላን ቦቪክና ሁለት ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በአንድ የጀልባ ፎቶ አሳይተዋል። ፎቶውን በተለያየ መንገድ አበላሹት፤ አንዱን ቅጂ አደመቁት፣ ሌላውን አደበዘዙት፣ ሌላውን ደግሞ ከልክ በላይ አመቁት። የሁሉም ኤምኤስኢ 210 እንዲሆን አደረጉ። ለዓይን ግን የደመቀው ከዋናው የማይለይ ያህል ሲሆን የደበዘዘውና የታመቀው ጉዳታቸው ፊት ለፊት ይታያል። እነሱ ያቀረቡት ኤስሲም የተባለ መለኪያ ፎቶውን በትንንሽ መስኮት እየከፈለ ብርሃኑን፣ የጨለማና የብርሃን ልዩነቱንና የቅርጹን አደራደር ያነጻጽራል። ለደመቀው ጀልባ 0.99፣ ለደበዘዘው 0.71 ገደማ ሰጥቷል፤ ሙሉው ነጥብ 1 ነው።

ስለዚህ ፒኤስኤንአርን መጣል አያሻም፤ ቦታውን ማወቅ ይበቃል። አንድን ፎቶ በአንድ ዓይነት ዘዴ በተለያየ መጠን አምቀን የትኛው እንደሚሻል ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ደረጃ ይሰጣል። ጉዳታቸው የተለያየ ፎቶዎችን ስናወዳድርበት ግን ያታልላል። ከመለካት በፊትም ሁለቱ ፎቶዎች በትክክል መደራረባቸው ይረጋገጥ፦ ጥቃቅን መስመር የበዛበት ፎቶ አንዲት ፒክሰል ወደ ጎን ቢንሸራተት ማንም ሳያስተውለው ነጥቡ ክፉኛ ይወርዳል።