ሲጋራ ዕድሜ ያረዝማል እንዴ?

ዊክሃም በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኝ ስፍራ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1974 እዚያ በተደረገ የጤና ጥናት ከተመዘገቡት መካከል 1,314 ሴቶች አጫሾች ወይም ፈጽሞ አጭሰው የማያውቁ ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ ማን እንደሞተ፣ ማን በሕይወት እንዳለ ተጣራ። ከ582ቱ አጫሾች የሞቱት 139 ናቸው፤ ከመቶ 24 መሆናቸው ነው። ከ732ቱ የማያጨሱ ደግሞ 230 ሞተዋል፤ ከመቶ 31።

ቁጥሩን እንዳለ ያነበበ ሰው ሲጋራ ዕድሜ ያረዝማል ሊል ነው!

ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ጉዳዩ የሚገለጠው ሴቶቹ ሲመዘገቡ ስንት ዓመታቸው እንደነበር ሲታይ ነው። ከማያጨሱት መካከል 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የነበሩት 193 ሲሆኑ፣ ከአጫሾቹ ግን 49 ብቻ ናቸው። የሰባ ዓመት አሮጊት ደግሞ አጨሰችም አላጨሰችም ከ20 ዓመት በኋላ በሕይወት የመገኘት ዕድሏ ጠባብ ነው። ስለዚህ የማያጨሱትን ወገን የሞት ቁጥር ከፍ ያደረገው እርጅና እንጂ ሲጋራ አለማጨስ አይደለም።

እንዲህ በሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ ሁለቱንም የሚነካ ሦስተኛ ነገር ኮንፋውንደር ይባላል፤ አምታች ብንለው ያስኬዳል። በአንድ ትምህርት ቤት ትልቅ ቁጥር ጫማ የሚያደርጉ ልጆች ከትንንሾቹ የተሻለ ያነባሉ። ጫማው አላስተማራቸውም፤ ከፍ ያለ ክፍል ስለደረሱ ነው። የአንድ ክፍል እኩያሞችን ብቻ ብናወዳድር የጫማው ነገር ይጠፋል።

የዊክሃም ሴቶችም እንደዚሁ እኩያ ከእኩያ ጋር ተወዳደሩ። ከ55 እስከ 64 ዓመት ከነበሩት ውስጥ ከ115 አጫሾች 51 ሞተዋል፤ ከ121 የማያጨሱ ግን 40። ከመቶ 44 እና 33 ማለት ነው፤ ነገሩ ተገለበጠ። ከ25 እስከ 34 ባሉት ላይ ግን የማያጨሱት ሞት በጥቂቱ ይበልጣል። በዚያ ዕድሜ የሞቱት ከሁለቱም ወገን በድምሩ 8 ብቻ ስለሆኑ ከዚህ ብዙ ቁም ነገር አይወጣም።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን አምታቹ ተመዝግቦ ሲገኝ ነው። ዕድሜ ባይጻፍ ኖሮ ዊክሃም እንዳሳሳተች በቀረች ነበር። ካረጡ በኋላ የሆርሞን መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶችም ለዓመታት በልብ ሕመም እምብዛም የማይጠቁ መስለው ታይተዋል። ብዙዎቹ ሻል ያለ ኑሮ ያላቸው፣ ለጤናቸውም የሚጠነቀቁ ነበሩ፤ ይህን ሁሉ ከመዝገብ ላይ አሟልቶ ማግኘት አይቻልም። በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ለገሚሶቹ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን፣ ለቀሪዎቹ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጠ። የልብ ሕመሙ አልቀነሰም፤ እንዲያውም መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። የጡት ካንሰርም በመጨመሩና ጉዳቱ ከጥቅሙ በማመዘኑ ሙከራው በ2002 ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ።