ኩንታል ቂንጣር ሲሆን

አንድ የሁመራ ሰሊጥ ላኪ ለካይሮ አስመጪ የሽያጭ ሐሳብ አዘጋጀ እንበል፤ 1,900 ኩንታል፣ ጅቡቲ ወደብ መርከብ ላይ ተጭኖ የሚረከቡት። ተርጓሚው በዐረብኛ የንግድ ደብዳቤ ወግ «ተሒየተን ጠይይበተን ወበዕድ» ብሎ ሰላምታ ያቀርብና ወደ ጉዳዩ ይገባል። እስከዚህ መልካም ነው። «ኩንታል» ላይ ሲደርስ ግን የቃሉን ዘመድ «ቂንጣር»ን ያገኝና እሱኑ ያሰፍራል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ በግብፅና በሱዳን የተለመደው ቂንጣር ግን 45 ኪሎ ገደማ ነው። 190 ቶን የነበረው ጭነት በአንባቢው ዓይን ወደ 85 ቶን ይወርዳል። ዋጋው በኩንታል ከተጻፈ ደግሞ ሰሊጡ ከእጥፍ በላይ የተወደደ ይመስላል። አስመጪው ሳይከራከር ወደ ሌላ ሻጭ ሊሄድ ይችላል፤ ላኪውም ለምን መልስ እንዳጣ ሳያውቅ ይቀራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ክብደቱም ዋጋውም በ«ጡን ሚትሪ»፣ ማለትም በሜትሪክ ቶን ይጻፍ፤ መጠኑ በአኃዝ ከተቀመጠ በኋላ በፊደልም ይደገም። ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበትን ቀንም «እስከ ጥር 15 ቀን 2018» ብሎ መተው አያዋጣም። ጃንዋሪ 23 ቀን 2026 ተብሎ ይቀየርና ያ ቀን ራሱ ይጨመር አይጨመር እዚያው ይገለጽ።