ለምረቃ በዓል ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚቀርብ ማመልከቻ

ልጁ በአሜሪካ የሚመረቅለት ሠራተኛ ደስታውን በሦስት ገጽ ሲዘረዝር፥ ሥራ አስኪያጁ የሚፈልገውን ቀን ከጽሑፉ ውስጥ ፈልጎ ያጣዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለጋብቻና ለሐዘን 3 የሥራ ቀን ሲሰጥ ምረቃን አልጠቀሰም። ስለዚህ የሚጠየቀው ከዓመት ዕረፍት ነው፤ እርሱም ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ፥ ከዚያ ወዲያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል።

ቅዳሜ በማይሠራበት የንግድ ቤት የጉምሩክ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ እንዲህ ቢጽፍ ይበቃዋል፦

«ልጄ ዓርብ ግንቦት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. (ሜይ 15 ቀን 2026) ስለምትመረቅ፥ ከሰኞ ግንቦት 3 እስከ ዓርብ ግንቦት 14 ቀን ድረስ 10 የሥራ ቀን ከዓመት ዕረፍቴ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ከቤተሰባችን ለዚህ ማዕረግ የበቃች የመጀመሪያዪቱ ናት። ያልተጠናቀቁትን ሰነዶች ለረዳቴ በዝርዝር አስረክቤ፥ ሰኞ ግንቦት 17 ቀን በሥራዬ ላይ እገኛለሁ።»

ስለ ቤተሰቡ የተጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም አባት ከሆነ የቀረውን ያውቀዋል። በሁለቱም አቆጣጠር መጻፉ ግን ግድ ነው። ከጥሪው ወረቀት ላይ 15ን አይቶ ግንቦት 15 ብሎ የገለበጠ ሰው፥ የሚደርሰው በዓሉ ካለፈ ከ8 ቀን በኋላ ነው።

ቲኬት የሚገዛው ፈቃዱና ቪዛው ከተገኘ በኋላ ይሁን። አሠሪውም ዕረፍቱን መፍቀዱንና ሠራተኛው የሚመለስበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ቢሰጠው፥ ቆንስሉን ባያስገድድም ለቪዛው ጥያቄ ይረዳዋል።