አልማዝ ባለጭራ እና 72ቱ ሰዓታት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሐሙሲት አቅራቢያ የሚኖሩ የ65 ዓመት ገበሬ እናስብ። እሑድ ማታ በቀኝ ጎናቸው፣ ከጡታቸው ሥር፣ የሚያቃጥልና የሚወጋ ሕመም ይጀምራቸዋል። ቆዳቸው ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ግን ጋቢው ሲነካቸው እንኳ ያማቸዋል። ቤተሰቡ ኩላሊት ነው ወይስ ሐሞት እያለ ይጨነቃል። ማክሰኞ ጠዋት ቦታው ይቀላል፤ ሲመሽ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ተጠጋግተው ይወጣሉ። ከጀርባ አጥንት ተነሥተው ጎንን ዞረው ደረት መሐል ሲደርሱ ይቆማሉ። ግራው ጎን ንጹሕ ነው። ይህ አልማዝ ባለጭራ ነው።

ምክንያቱ ልጅ ሳሉ የያዛቸው የጉድፍ ቫይረስ ነው። ጉድፉ ቢድንም ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም፤ ከአከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ከአንዱ ሥር ይነቃና በነርቩ መስመር ወደ ቆዳ ይወርዳል። እያንዳንዱ ነርቭ የሚያገለግለው አንድ ጎንን ብቻ ስለሆነ ቁስሉ መሐሉን አያልፍም። ሕመሙ ቀድሞ የሚመጣውም ነርቩ ከቆዳው በፊት ስለሚጎዳ ነው።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። መድኃኒቱ አሲክሎቪር ቫይረሱ እንዳይራባ ያደርጋል እንጂ የተጎዳውን ነርቭ አይጠግንም። ስለዚህ የተሻለ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሽፍታው ማክሰኞ ጠዋት ከወጣ ቀነ ገደቡ ዓርብ ጠዋት ነው። «ሐሙስ ገበያ ስወጣ ጤና ጣቢያ ብቅ እላለሁ» ያሉ እንደሆነ ከሦስቱ ቀናት ሁለቱ ያለ መድኃኒት አለፉ። ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍና መተኮስ ደግሞ ጊዜ ከመብላቱ በላይ ቁስሉ እንዲያመረቅዝ መንገድ ይከፍታል።

የተለመደው መጠን 800 ሚሊግራም በቀን አምስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ ምሽት 12 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት እንደ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ ሲቀልለት በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው መጠኑ ስለሚቀነስለት አስቀድሞ ለሐኪም መንገር አለበት። ውኃም በደንብ መጠጣት ያስፈልጋል።

72 ሰዓት አለፈ ብሎ ቤት መቅረት ግን ስሕተት ነው። አዲስ እብጠት እየወጣ ከሆነ፣ ወይም ሕመምተኛው ኤችአይቪ ካለበት፣ ዘግይቶም ይሰጣል። በተለይ ወጣት ሰው ላይ ሲወጣ የኤችአይቪ ምርመራ አብሮ ይደረጋል። በግንባር ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ የወጣ ከሆነ ዓይንን ሊያጠፋ ስለሚችል የዚያኑ ዕለት የዓይን ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል።

መድኃኒቱ ቁስሉን ቶሎ ያደርቃል፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሕመምም ያሳጥራል። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ለወራት የሚቀረውን የነርቭ ሕመም ሁልጊዜ ይከላከላል ማለት ግን አይቻልም። ይህ የሚቆየው ሕመም አረጋውያንን ይበልጥ ያጠቃል፤ ተራ ማስታገሻም እምብዛም አያስታግሰውም። ለዚህ ሐኪሞች ማታ ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ጀምረው ያዝዛሉ።