አሥራ አንድ ቦዝ፣ አንድ ማሰሪያ

ሰንሰለት የሠራ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥማቸው ብዙዎች ጥፋቱን ሥርዓተ ነጥብ ላይ ይጥሉታል። ነጠላ ሰረዝ ቢጨመርበት ይጠራል ይላሉ። ይህን እንይ፦

«ሾፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ ወርዶ የፈነዳውን ጎማ አይቶ ረዳቱን ጠርቶ ረዳቱም ክሪክ ይዞ መጥቶ ጎማውን ፈትቶ ሌላውን ገጥሞ ተሳፋሪዎቹን አሳፍሮ ሒሳብ ሰብስቦ መኪናውን አስነሥቶ ጉዞውን ቀጠለ።»

ከእያንዳንዱ ግስ በኋላ ሰረዝ ብናስገባ ዓይን ትንሽ ያርፋል፤ ጥያቄው ግን እንዳለ ነው። መኪናውን ያስነሣው ማነው? ሾፌሩም ረዳቱም ወንድና ነጠላ ስለሆኑ «አስነሥቶ» ለሁለቱም ይሆናል። በቅርብ የተጠራው ባለቤት ረዳቱ ነውና አንባቢ መሪውን ለረዳቱ ያስረክባል። ሲወራ የተናጋሪው ድምፅና እጅ ይህን ያስተካክላሉ፤ ወረቀት ላይ ሁለቱም የሉም።

አራት ነጥብ መሃል ላይ መጣልም አይፈታውም። «ረዳቱን ጠርቶ።» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ ቦዝ አንቀጽ ማን እንዳደረገው ይናገራል እንጂ መቼ እንደተደረገ አይናገርም። ጊዜውን የሚያገኘው ከማሰሪያው ነው። «ቀጠለ» የሚለውን «ይቀጥላል» ብንለው አሥራ አንዱም ቦዞች ገና ያልተደረጉ ይሆናሉ። አንባቢው እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ሁሉንም በአእምሮው ተሸክሞ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እኔ የምጀምረው ከማሰሪያው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድኩ እያንዳንዱን ግስ «ማን?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ በተለወጠበት ቦታ ከፊቱ ያለውን ቦዝ ወደ ማሰሪያ ቀይሬ እዘጋለሁ፤ አዲሱንም ባለቤት በስሙ እጠራለሁ፦

«ሾፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ ወረደና የፈነዳውን ጎማ አየ። ረዳቱን ጠራው። ረዳቱ ክሪክ ይዞ መጣ፤ ጎማውን ፈትቶ ሌላውን ገጠመ። ተሳፋሪዎቹንም አሳፍሮ ሒሳብ ሰበሰበ። ሾፌሩ መኪናውን አስነሥቶ ጉዞውን ቀጠለ።»

አምስት ቦዞች ቀርተዋል፤ መቅረትም አለባቸው። ቦዝን ሁሉ ማጥፋት ይገባል የሚለው እምነት ከሰንሰለቱ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል። «ይዞ መጣ» አንድ ድርጊት ነው፤ «ያዘ። መጣ።» ብንለው አማርኛው ይደርቃል። ሁሉንም በ«ና» መተካትም ያው ሰንሰለት ነው፤ ቀለበቱ ብቻ ተቀየረ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው አሉታ ነው። «ረዳቱ ሒሳብ ሰብስቦ አልሄደም» ሲባል ሒሳቡ ተሰብስቧል ወይስ አልተሰበሰበም? በሁለቱም መንገድ ይነበባል። እዚህ ላይ ቦዙን መፍታት ግዴታ ነው፤ ሰብስቦ ከሆነ «ሒሳብ ሰበሰበ፤ ግን አልሄደም»፣ ካልሰበሰበ ደግሞ «ሒሳብ ሳይሰበስብ ቀረ» ይባላል። አራሚ ግን የትኛው እንደሆነ ከጽሑፉ ሊያውቅ አይችልምና ጸሐፊውን መጠየቅ አለበት።