ከንፈር የሚገጥምበት ቅጽበት

በኮምፒዩተር ጌም ውስጥ የገጸ ባሕሪውን አፍ ከንግግሩ ጋር ማናበብ ሊፕ ሲንክ ይባላል። ንግግሩ ሲበዛ እያንዳንዱን የአፍ እንቅስቃሴ በእጅ መሥራት ስለማይቻል ቅርጹ ከተቀዳው ድምፅ ይወጣል። ፕሮግራሙ ቅጂውን ያዳምጥና እያንዳንዱ ፎኒም፣ ማለትም የቃሉ ነጠላ ድምፅ፣ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ያሰላል።

ፎኒሞቹ ብዙ ቢሆኑም የአፍ ቅርጾቹ ጥቂት ናቸው። «ም»፣ «ብ» እና «ፕ» ለጆሮ ይለያያሉ እንጂ ለዓይን አንድ ናቸው፤ ሦስቱም ከንፈር ገጥሞ ይወጣሉ። ራባርብ ሊፕ ሲንክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ቢበዛ ዘጠኝ ቅርጾች ይበቁታል። እንግሊዝኛ ላልሆነ ንግግር እንዲህ ይታዘዛል፦

```
rhubarb -r phonetic -f tsv selam.wav
```

«ሰላም» የሚል ቅጂ ቢሰጠው ይህን የመሰለ ዝርዝር ይጠበቃል፦

```
0.00  X
0.05  B
0.14  C
0.22  H
0.29  D
0.45  A
0.56  X
```

ቁጥሩ ቅርጹ የሚጀምርበት ሰከንድ ነው። X አፍ ሲያርፍ፣ B በ«ስ» ጥርስ ሲቀራረብ፣ C አፍ ከፈት ሲል፣ H በ«ል» ምላስ ሲነሣ፣ D በ«አ» አፍ በሰፊው ሲከፈት፣ A ደግሞ በ«ም» ከንፈር ሲገጥም ነው።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ቅርጽ በቅጽበት ስለማይለወጥ ጌሙ አንዱን ወደ ሌላው ያሸጋግራል። ሽግግሩ 0.10 ሰከንድ ፈጅቶ በ0.45 ላይ ቢጀምር ከንፈሩ የሚገጥመው በ0.55 ነው፤ «ም» ግን በ0.56 ያበቃል። ተመልካቹ «ሰላም» እየሰማ የሚያየው ያልተዘጋ አፍ ነው። ስለዚህ ሽግግሩ በ0.35 ጀምሮ በ0.45 መጠናቀቅ አለበት። ሰውም ቢሆን ከንፈሩን ማቀራረብ የሚጀምረው «ም» ከመሰማቱ በፊት ነው። ጊዜ ሲጠብ ከአናባቢው ይቀነስ እንጂ ከንፈር የሚገጥምበት ጊዜ አይነካም።

ሰዓቱም ከድምፅ ማጫወቻው መወሰድ አለበት። በሰከንድ 48,000 ናሙና ባለው ቅጂ 21,600ኛው ናሙና ሲጫወት 0.45 ሰከንድ ሆኗል ማለት ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ይታያል ብሎ ፍሬም እየቆጠረ ማሽኑ ወደ 30 ቢወርድ አፉ በግማሽ ፍጥነት ይጎተታል። ስሕተቱ በዓይን ይለያል፤ መጀመሪያ ላይ ተናቦ ወደ መጨረሻው እየዘገየ ከሄደ ችግሩ የሰዓቱ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ከዘገየ ወይም ከቀደመ ግን የድምፁ አጀማመር ይፈተሽ።

በአማርኛ ጽሑፉን ብቻ አይቶ ቅርጽ ማውጣት አያዛልቅም። «ይሰማል» ሲጻፍ አንድ ነው፤ «እሱ ይሰማል» ሲባል «ማ» ይላላል፣ «ድምፅ ይሰማል» ሲባል ግን ይጠብቃል፤ ከንፈርም በሁለተኛው ረዘም ላለ ጊዜ ገጥሞ ይቆያል። ፊደሉ ይህን ልዩነት አያሳይም፤ ልዩነቱ ያለው በቅጂው ውስጥ ነው።