«የመጨረሻ» የተባሉት ሦስት ቅጂዎች

የእድር መተዳደሪያ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። የዕለት ተዕለቱ ሥራ የሚሠራው በጸሐፊው ማስታወሻ ነው። አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ስንት ይከፈላል? ድንኳኑ ስንት ቀን ይቆማል? የጎደለውን ሳህን ማን ይተካል? መልሱ የሚገኘው ከዚያ ነው። ማስታወሻው ግን እያደር ይባዛል። አንድ እድር በምሳሌ እንውሰድ። ጸሐፊው ኮምፒውተራቸው ላይ አንድ ቅጂ አላቸው። ገንዘብ ያዟ በቴሌግራም የተላከላቸውን ስልካቸው ላይ እያረሙ ይጠቀሙበታል። የቀድሞው ጸሐፊ ደግሞ ሲያስረክቡ በእስክሪብቶ የታረመ ወረቀት ሰጥተዋል። ሦስቱም አናታቸው ላይ «የመጨረሻ» ይላል።

እነዚህን ወደ አንድ ዋና ማስታወሻ ማምጣት ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው «አዲሱን ይዤ ሌላውን ልጣል» በሚል ሐሳብ ነው። አዲሱን ለመለየትም ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን ቀን ያያል። ያ ቀን የሚናገረው ግን ፋይሉ መቼ እንደተነካ ብቻ ነው። ጸሐፊው ትናንት አሮጌውን ቅጂ ከፍተው አንድ ስልክ ቁጥር ቢያስተካክሉና ሴቭ ቢያደርጉ፣ አሮጌው ትናንት የተጻፈ መስሎ ይታያል። ከቴሌግራም የወረደ ፋይልም ብዙ ጊዜ የሚይዘው የወረደበትን ቀን እንጂ የተጻፈበትን አይደለም። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው በእኛ ነው። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወሰነ ጉዳይ በኮምፒውተሩ ፌብሯሪ 11 ቀን 2024 ነው። «2016» ተብሎ የተሰየመን ፋይል «2024» ከሚል ፋይል ጋር አስተያይቶ ስምንት ዓመት ያረጀ ነው ብሎ የጣለ፣ ምናልባት የዚያኑ ቀን ውሳኔ ጥሏል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የትኛው ፋይል አዲስ እንደሆነ ሳይሆን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃሉ የት እንዳለ ነው። ስለ ክፍያው በሦስቱ ቅጂዎች የተጻፈውን እንይ።

የጸሐፊው፦ «አባል ሲሞት ለቤተሰቡ 10,000 ብር ይከፈላል።»
የገንዘብ ያዟ፦ «አባል ሲሞት ለቤተሰቡ 15,000 ብር በ3 ቀን ውስጥ ይከፈላል።»
የቀድሞው ጸሐፊ ወረቀት፦ «አባል ሲሞት ለቤተሰቡ 10,000 ብር ይሰጣል። የአባል ወላጅ ሲሞት 5,000 ብር ይሰጣል።»

በኮምፒውተሩ ቀን ከሄድን የሚያሸንፈው የጸሐፊው ነው፤ ስልክ ቁጥሩ የታረመው በእሱ ላይ ነውና። የቃለ ጉባኤው መዝገብ ሲገለጥ ግን ጠቅላላ ጉባኤው የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ክፍያውን ወደ 15,000 ብር ከፍ እንዳደረገና የሦስት ቀን ገደብ እንዳስቀመጠ ይገኛል። ክፍያውን ከገንዘብ ያዟ፣ ስልክ ቁጥሩን ከጸሐፊው እንወስዳለን ማለት ነው። የወላጁ 5,000 ብር ይቀራል። በሁለቱ ቅጂዎች አለመኖሩ መሰረዙን አያሳይም፤ አንድ ሰው ሲገለብጥ ዘሎት ሊሆን ይችላል። የሻረው ቃለ ጉባኤ እስካልተገኘ ድረስ በቅንፍ «ይጣራ» ተብሎ በዋናው ማስታወሻ ላይ ይቆያል እንጂ በዝምታ አይወጣም።

ይህን ለመሥራት ከሁሉ በፊት ሦስቱን ቅጂዎች አንድ ፎልደር ውስጥ ሳይነኩ ማስቀመጥና ሥራውን በግልባጫቸው ላይ መጀመር ያስፈልጋል። የወረቀቱ እርማትም መተየብ አለበት። ከዚያ በዎርድ Review ከሚለው ውስጥ Compare የሚለውን መርጦ ሁለት ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል። ፕሮግራሙ ሁለቱን ፋይሎች ሳይነካ በሦስተኛ ሰነድ ላይ የተጨመረውንና የተቀነሰውን ምልክት አድርጎ ያሳያል። ልዩነት መኖሩን ይነግረናል፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ግን አያውቅም።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ይህ መሣሪያ የሚታወክበት ምክንያት አለ። አንዱ «ጸሐፊ» ሌላው «ፀሀፊ» ብሎ ከጻፈ ለእኛ ያው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱ አራት ነጥብን «።» በሚለው ፊደል፣ ሌላው ሁለት ኮለን በመደርደር «::» ከተየበ፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ የተለወጠ መስሎ ይቀላል። ገጹ በሙሉ በምልክት ሲሞላ 10,000 ወደ 15,000 የተለወጠበት እውነተኛው ልዩነት ከመሀሉ ይሰወራል። መፍትሔው ከማስተያየቱ በፊት በግልባጮቹ ላይ Replace በሚለው ትእዛዝ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሐን ወደ ሀ ከነእርባታቸው አንድ በአንድ፣ «::»ንም ወደ «።» ማመሳሰል ነው። ይህ ግን ለማስተያየት ብቻ የሚያገለግል ግልባጭ ነው። ወደ ዋናው ማስታወሻ የሚገባው ጽሑፍ ካልተነካው ቅጂ ይወሰዳል፤ አለዚያ የአባላት ስም አጻጻፍ አብሮ ይለወጣል። ሰነዱ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች ከተተየበ፣ ፎንቱ ሲቀየር ፊደሉ ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ይለወጣል። እንዲህ ያለው መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ ወይም እንደገና ካልተተየበ ከምንም ጋር ሊስተያይ አይችልም።

ድግግሞሽን ማውጣት የሚመጣው ልዩነቶቹ እልባት ካገኙ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተጀመረ፣ ተመሳሳይ ነው ተብሎ የሚጣለው ዓረፍተ ነገር አዲሱን ቃል የያዘው ሊሆን ይችላል። በእኛው ምሳሌ ስለ ድንኳን ሁለት ቦታ ተጽፏል እንበል። «ለቅሶ» በሚለው ሥር «ድንኳን ለ3 ቀን ይቆማል» ይላል፤ «ንብረት» በሚለው ሥር ደግሞ «ድንኳን በ2ኛው ቀን ማታ ይመለሳል» ይላል። ላይ ላዩን ሲነበብ የተደጋገመ ይመስላል። ማጣሪያው እንዲህ ነው፦ አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ሌላውን ብቻ ካነበበው የተለየ ነገር ያደርጋልን? የሚያደርግ ከሆነ ድግግሞሽ ሳይሆን ግጭት ነውና ወደ ቃለ ጉባኤው ይሄዳል። «ይከፈላል» እና «ይሰጣል» ግን ማንንም የተለየ ነገር አያስደርጉም፤ አንዱ በቂ ነው። ግጭቱ ሲፈታ ደንቡ በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል፤ በሌላው ቦታ «ለቅሶ የሚለውን ይመልከቱ» ይባላል። ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር በሚቀጥለው ውሳኔ አንዱ ብቻ ይታረምና እንደገና ይጋጫል።

አልቋል ከመባሉ በፊት የድሮዎቹ ቅጂዎች ታትመው፣ በላያቸው ያለው ቁጥርና ቀን ሁሉ አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ይሰረዝ። እያንዳንዱ ወይ በዋናው ማስታወሻ ላይ፣ ወይ «የወጡ» ተብሎ ከነምክንያቱ በተያዘ ገጽ ላይ መገኘት አለበት። «10,000 ብር፦ በየካቲት 3/2016 ቃለ ጉባኤ ተሽሯል» ማለት ይበቃል። ሳይሰረዝ የቀረ ቁጥር ካለ የጠፋ ነገር አለ።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «የመጨረሻ» ከማለት ይልቅ እስከ የትኛው ጉባኤ ድረስ ያለውን ውሳኔ እንደያዘ ይጻፋል፤ ማረም የሚችለውም ሰው አንድ ይሆናል። አንባቢው ከዚያ ቀን በኋላ የተደረገ ስብሰባ ካስታወሰ ማስታወሻው እንዳልደረሰበት ወዲያው ያውቃል። «ይጣራ» የተባሉት ጥቂት መስመሮች ደግሞ ወደ ኮሚቴው ይቀርባሉ። የወላጁ 5,000 ብር ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ቅጂ ያዋሐደው ሰው አይወስንም፤ ጥያቄውን ከነማስረጃው ማቅረብ ላይ ሥራው ያበቃል።